ከአንድ የጀልባ ሰልፊ ካሪካቸር፦ አፍንጫቸውን ባጎላው መምህሩ ጠፉብኝ

ቀለምና_ወረቀት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በታብሌት ካሪካቸር፣ ማለትም የሰውን መለያ አጋንኖ የሚያሳይ አስቂኝ የፊት ሥዕል እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የሠርግና የምርቃት ስጦታ ነው። አሁን የያዝኩት ግን ከበደኝ።

የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ጡረታ ለሚወጡ ባልደረባቸው ስጦታ አዘዙኝ። ሰውየው እንዳያውቁ ስለተፈለገ ላገኛቸው አልችልም። የተሰጠኝ አንድ ሰልፊ ብቻ ነው። ወደ ዘጌ ሲሄዱ ጀልባ ላይ ሆነው ራሳቸው ያነሱት ነው። ፊታቸው ፎቶውን ሞልቶታል። ከኋላ ጣናና የጀልባው ጠርዝ ይታያል።

ፎቶው ላይ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚገባው አፍንጫቸው ነው። ስለዚህ እሱን አጎላሁት። ጆሯቸው ትንሽ ስለሆነ ይበልጥ አሳነስኩት። ረቂቁን ስልክላቸው ሁሉም ሳቁ፣ ወደዱት። "ግን እሳቸውን አይመስልም" አሉኝ። አንዷማ "ማን ናቸው?" ብላ ጠየቀች። ከሰልፊው ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ግን ቁጭ ሰልፊው ነው። ታዲያ ምኑን ላጋን? የሽኝቱ ቀን ቀርቧል።

ዲጂታል_አቤል

እህቴ፣ ያነሰ አጋነሽ ይሆናል። ካሪካቸር ድፍረት ይፈልጋል። አፍንጫውን እጥፍ አድርጊው። ሰው ያኔ ነው የሚያውቀው።

የጉርድ_ፎቶ_ልጅ

አቤል፣ አይመስለኝም። እኔ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። የስልክ የፊት ካሜራ ሌንሱ ሰፊ ነው። ሰፊ ሌንስ አፍንጫን ያገዝፋል። ያ አፍንጫ የመምህሩ ላይሆን ይችላል። ፎቶውን ዙም አድርገሽ ጠርዝ ጠርዙን ቁረጪው። ፊቱ ብቻ ሲቀር ይስተካከላል።

ጋሽ_እርሳስ

የጉርድ ፎቶው ልጅ ሰልፊውን መጠርጠሩ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን አይሠራም። አፍንጫውን ያገዘፈው የሌንሱ ስፋት ሳይሆን የስልኩ ቅርበት ነው። የተነሳ ፎቶ ቢቆረጥ ቅርበቱ አይለወጥም።

ልጄ፣ እስቲ አብረን እናስላው። ስልኩ ከአፍንጫ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ጆሮ ከአፍንጫ ጫፍ ወደ ኋላ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ከስልኩ እስከ ጆሮ 42 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ካሜራ የራቀውን በርቀቱ ልክ ያሳንሳል። 30ን ለ42 ብታካፍይው 0.71 ይመጣል። ጆሮው ከአፍንጫው አንጻር 3 እጅ ገደማ ከአሥር ተቀንሶበታል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ሰውየውን ከ1.5 ሜትር አንሺያቸው። 150 ለ162 ሲካፈል 0.93 ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታወቅም። እኛ ሰው ስናወራ የምንቆመውም በዚህ ርቀት አካባቢ ነው። ባልደረቦቻቸው በአእምሯቸው የያዙት ፊት ከዚህ ርቀት የታየው ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች ይህንኑ ስሌት በሕክምና መጽሔት አሳትመውት ነበር። ሰዎች ሰልፊያቸውን ይዘው አፍንጫችንን ቀንሱልን እያሉ ስላስቸገሯቸው ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ሰልፊ ላይ የአፍንጫው ስፋት ከ1.5 ሜትሩ ፎቶ በ30 በመቶ ገደማ በልጦ ይታያል።

አንቺ ሥራ ስትጀምሪ ስልኩ አስቀድሞ አንድ ካሪካቸር ሠርቶ ሰጥቶሻል። ያጋነንሽው የስልኩን ማጋነን ነው። በዚያ ርቀት የማንም አፍንጫ ይገዝፋል፣ የማንም ጆሮ ያንሳል። ስለዚህ ያጎላሽው መምህሩን ከሌላ ሰው የማይለያቸውን ነገር ነው።

ቀለምና_ወረቀት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ያለኝ ይሄው ፎቶ ነው። እውነተኛውን ከስልኩ ሥራ እንዴት ልለየው?

ታንኳ_ቀዛፊ

እኔ በጣና ገዳማት ሥዕሎች ነው ያደግኩት። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተሽ ከሆነ ሁሉም ትልልቅ ዓይን ነው ያላቸው። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ኃጥኣን ከጎን በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ማጋነን ከፈለግሽ ዓይኑን አጋኚ። የአገራችን ሥዕል መንገድ ይሄ ነው።

ጋሽ_እርሳስ

ወንድሜ ታንኳ ቀዛፊ፣ ስለ ሥዕሎቹ ያልከው ልክ ነው። እኔም እወዳቸዋለሁ። የእሷ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ የሁሉም ዓይን ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ዓይን አንዱን ከሌላው አይለይም። ቅዱስ ጊዮርጊስን የምታውቀው በነጭ ፈረሱና በዘንዶው ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቹና በነብሮቹ ታውቃቸዋለህ። ፊታቸውን ብትለዋውጠው ማን ማን እንደሆነ አይጠፋህም። ካሪካቸር ግን ፈረስም አንበሳም ሳይኖር ፊቱ ብቻ ስሙን እንዲናገር ይፈልጋል።

ቀለም፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መጀመሪያ ጆሮውን ተመልከቺ። ለመጠን ሳይሆን ለከፍታው። ቀጥ ብሎ ከሚያይ ሰው ፊት ለፊት ብትቆሚ የጆሮው የላይ ጫፍ ከቅንድብ፣ የታች ጫፉ ከአፍንጫ ግርጌ ጋር ይስተካከላል። ፎቶው ላይ ጆሮው ከዚያ ከፍ ብሎ ከታየሽ ስልኩ ከላይ ነበር። ያኔ ግንባር ይሰፋል፣ አገጭ ያንሳል። ዝቅ ብሎ ከታየሽ ስልኩ ከታች ነበር፤ አገጩና መንጋጋው ከልኩ በላይ ገዝፏል። ይህን ሳታይ "አገጫቸው ትንሽ ነው" ብለሽ አትወስኚ።

ሁለተኛ፣ ቆዳቸውን ከሸሚዛቸው ጋር አስተያዪ። የሸሚዙ ክር እየታየ የፊታቸው መስመር ከጠፋ ስልኩ ፊት አሳምሯል። ብዙ ስልኮች ሳይጠየቁ ያለሰልሳሉ። አንዳንዶቹ ዓይን ያሰፋሉ፣ ጉንጭ ያቀጥናሉ። ለካሪካቸር የሚጠቅመው ደግሞ ስልኩ የሚያጠፋው መስመር ነው።

ሦስተኛ፣ ፎቶው የተገለበጠ መሆኑን አረጋግጪ። አንዳንዱ ስልክ ሰልፊን እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጣል። አንዱ ቅንድባቸው ከፍ ያለ ከሆነ በተሳሳተው ዓይን ላይ ልታጋኚው ነው። ጀልባው ጠርዝ ላይ ጽሑፍ ካለ አንብቢው።

ቀለምና_ወረቀት

አሁን አየሁት። የላይፍ ጃኬቱ ላይ ያለው ፊደል የተገለበጠ ነው! ጆሮውም ከቅንድቡ በላይ ነው፤ ስልኩን ከፍ አድርገው ነው የያዙት። ጸሐይ ከውሃው ላይ ስለምታንጸባርቅ ዓይናቸውንም ጨፈን አድርገዋል። እኔ ጠባብ ዓይን መስሎኝ ነበር።

የጉርድ_ፎቶ_ልጅ

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ተማርኩ። እኛ ፎቶ ቤት ደንበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጠን ራቅ ብለን በዙም ነው የምናነሳው። ምክንያቱን ግን ሌንሱ ነው ስል ነበር።

ቀለም፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። ጉርድ ፎቶ ፈልጊ! የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ጉርድ ፎቶ የሌለው ሰው የለም። መታወቂያ ላይ አለ፣ ማኅደር ውስጥ አለ። ከርቀት የተነሳ ነው፣ ፊት ለፊት ነው፣ ሁለቱም ጆሮ ይታያል። ከባልደረቦቹ አንዱ በስልክ አንስቶ ይላክልሽ። የቆየም ቢሆን አጥንት ብዙም አይለወጥም።

ጋሽ_እርሳስ

ይኼ ከእኔ ምክር ሁሉ ይበልጣል። ጉርድ ፎቶ ለአጥንቱ፣ ሰልፊው ለአሁኑ ዕድሜያቸውና ለፈገግታቸው። ጉርድ ፎቶ ላይ ማንም ሰው ራሱን አይመስልም፤ ፊቱን ያደርቀዋል። መጠኑ ግን አይዋሽም። ሁለቱን አስተያይተሽ በሁለቱም ላይ የጸናውን ያዢ።

መምህርት_ነኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሌላ ነገር ልናገር። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ አባት ናቸው። ሕዝብ ፊት ፊታቸውን አጣምሞ መስጠት ነውር አይደለም ወይ? ለወጣት ሙሽራ ይሁን። ለትልቅ ሰው ግን እኔ አልደፍረውም።

ቀለምና_ወረቀት

እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። እኔንም ያስጨነቀኝ ይሄው ነው። አዛዦቹን ጠይቄያለሁ። መምህሩ ራሳቸው ቀልደኛ ናቸው፣ ሰሌዳ ላይ የራሳቸውን ፊት እየሳሉ ያስተምሩ ነበር ብለውኛል። ይህን ባልሰማ አልቀበልም ነበር።

ጋሽ_እርሳስ

መምህርት፣ እውነትሽን ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰውየውን የማይመስል የተጣመመ ፊት ስድብ ይሆናል፤ ተመልካች የሚያየው መጣመሙን ብቻ ነውና። ቁርጥ እሳቸውን ከሆነ ግን ሰው መጀመሪያ የሚለው "እሳቸው!" ነው። መመሳሰሉ ላይ ይህን ያህል የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

የዘጌዋ

እኔ ደግሞ የራሴን ልጠይቅ። አባቴን እንዲሁ ማሣል እፈልጋለሁ። ጉንጩ ላይ የልጅነት ጠባሳ አለ። አንድ ሠዓሊ ጠባሳውን ትልቅ አድርጎ ሣለው። እናቴ አይታው አለቀሰች። ሌላ ቦታ ስናሠራ ደግሞ ጭራሽ አጠፉት፤ አባቴ መሆኑ ቀረ። የቱ ነው ትክክሉ?

ጋሽ_እርሳስ

እህቴ፣ እኔ ጠባሳን በልኩ አስቀምጠዋለሁ። አላጎላውም፣ አላጠፋውም። ሌላው ሲጋነን እሱ በልኩ ከቀረ ራሱ ዝም ይላል፤ ግን አለ።

ዲጂታል_አቤል

እኔ በዚህ አልስማማም ጋሼ። አባትየው ካላፈሩበት ማጥፋትም ማሳነስም የሠዓሊው ሥራ አይደለም። ራሳቸውን መጠየቅ ነው።

የዘጌዋ

አቤል ያልከው ልቤን ነካው። እሱን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። እጠይቀዋለሁ።

ቀለምና_ወረቀት

ጉርድ ፎቶው መጣ! እውነትም አፍንጫቸው እንደማንኛችንም ነው። ጆሯቸው እንዲያውም ሰፋ ያለ ነው። አሁን ግን ሌላ ችግር። ሁሉም ነገር ልከኛ ሆነብኝ። ከአንድ የስዕል መጽሐፍ የፊት መለኪያ አለኝ፤ ከእሱ ጋር ሳስተያየው የሚለየው ከንፈራቸውና የጸጉራቸው ዓይነት ነው። እነሱን ላጋን?

ጋሽ_እርሳስ

ተይ! መጽሐፉ የማን ፊት ላይ ተለክቶ ነው የተሠራው? የፈረንጅ ከሆነ መለኪያው የሚነግርሽ መምህሩ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ብቻ ነው። ያንን ብታጋኚ የገበያውን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገሽ ትሥያለሽ። ይህ ነው ስድብ የሚሆነው።

የኮምፒውተር ሰዎችም እዚህ ላይ ደርሰውበታል። ሱዛን ብሬናን የምትባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሪካቸር የሚሠራ ፕሮግራም ሠርታ ነበር። ፕሮግራሙ የብዙ ፊት አማካይ ይይዛል። የአንድን ሰው ፊት ከአማካዩ ጋር ያስተያይና ልዩነቱን ብቻ ይለጥጣል። ያልተለየውን አይነካውም። በ1987 ከሌሎች ጋር ባሳተመችው ጥናት ሰዎች የሚያውቁትን ሰው ከትክክለኛው የመስመር ሥዕል ይልቅ በተለጠጠው ፈጥነው ለይተዋል። ሁሉም ነገር የቆመው አማካዩ ላይ ነው። ላንቺ አማካዩ የመምህራን ክፍሉ ነው። ከሳቸው ጋር የተነሱ የሥራ ባልደረቦች ፎቶ የለም? እዚያ ውስጥ እሳቸው ብቻ ያላቸው ምንድን ነው?

ስትለኪ የነገሩን ትልቅነት ተዪ፤ በነገሮቹ መካከል ያለውን ቦታ ለኪ። በሁለቱ ዓይን መካከል አንድ ዓይን ይገባል? ከአፍንጫ ግርጌ እስከ አገጭ ያለውን ከሦስት ብትከፍይው አፍ ብዙ ሰው ላይ የመጀመሪያው ሲሶ ላይ ይውላል። እሳቸውስ?

ቀለምና_ወረቀት

ጋሼ አገኘሁት መሰለኝ! አፋቸው ሲሶው ላይ አይደለም። መሃል ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከአፍንጫቸው እስከ ላይኛው ከንፈር ያለው ቦታ ረጅም ነው። ጉርዱም ላይ፣ ሰልፊውም ላይ፣ የመስከረሙ የቡድን ፎቶም ላይ እንዲሁ ነው። ሌሎቹ መምህራን ግን የላቸውም። ሰልፊው ላይ ያላየሁት አፍንጫው ወደ ፊት መጥቶ ስለሸፈነው ነው። ዓይኖቻቸውም ይቀራረባሉ፤ መካከላቸው አንድ ዓይን አይገባም። ፍንጭትም አላቸው።

ጋሽ_እርሳስ

ጎበዝ። አሁን ሰውየው መጡ።

እንግዲህ አንዱን ንጉሥ አድርጊው። እኔ ብሆን የላይኛውን ከንፈር ቦታ ነው። ከግማሽ ወደ ሦስት አምስተኛ ግፊው። የምታስረዝሚውን ከሌላ ቦታ መውሰድ ግን አለብሽ። አገጩን አሳጥሪ። አገጩንም ብታስረዝሚው የሚወጣው ረጅም ፊት ያለው ሰው ነው፤ ረጅም የላይ ከንፈር ያለው መምህር አይደለም። አፍንጫውንም ትንሽ አሳጥሪው፤ ያኔ ከሥሩ ያለው ቦታ ይሰፋል። ሰልፊው ካሳየሽ ነገር ተቃራኒ ትሠሪያለሽ ማለት ነው።

ዓይኖቹን ጥቂት አቀራርቢ። ጆሮውን ወደ እውነተኛ ስፋቱ መልሺ። የቀረውን ተዪው። አምስት ነገር አንድ ላይ ከተጋነነ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ዲጂታል_አቤል

ፎቶውን በአፕ መለጠጥ አይቀልም? ከንፈሩን ያዝ አድርጎ ወደ ታች መጎተት ነው።

ጋሽ_እርሳስ

ቦታውን ለመሞከር ይጠቅማል፣ አቤል። ግፊቱ ስንት ቢሆን እንደሚያምር ቶሎ ያሳይሃል። ግን የፎቶው ብርሃንና ጥላ አብሮ ይለጠጣል። ቆዳው እንደ ላስቲክ ይሆናል። ስለዚህ በአፕ ሞክረሽ በእጅ ሣዪው።

ሲያልቅ ደግሞ እንዲህ ፈትኚው። ሥዕሉን ስልክሽ ላይ የጉርድ ፎቶ ያህል አሳንሺው። እሳቸውን ለሚያውቅ፣ ስለ ስጦታው ግን ላልሰማ ሰው አሳዪ። "መምህሩን ይመስላል?" ብለሽ አትጠይቂ። ዝም ብለሽ አሳዪ። ስሙ ወዲያው ከወጣ አለቀ። ሰውየው ቆም ብሎ ካሰበ ገና ነው። ከዚያ አንዱን ክፍል በጣትሽ ሸፍኚ። ተሸፍኖም እሳቸው ከሆኑ ያ ክፍል ሥራ እየሠራ አይደለም።

ቀለምና_ወረቀት

ሞከርኩት። አዛዦቹ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ አሳዩዋቸው። ሥዕሉ ገና ከስልኩ ላይ ሳይወርድ የመምህሩን ስም ጠሩ! አሁን ላይኛውን ከንፈር ስሸፍነው ይጠፋሉ። ዓይኑን ስሸፍን ግን አሁንም አሉ። ስለዚህ የዓይኑን ግፊት ቀነስኩት።

አንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። ፍንጭቱ። ግማሾቹ "ሲስቁ የምናውቃቸው በእሱ ነው፣ አስፊው" ይላሉ። ግማሾቹ "አፋቸውን ገጥመው ይሁኑ" ይላሉ።

መምህርት_ነኝ

እኔ በአገራችን ፍንጭት ውበት ነው እላለሁ። አታጥፊው።

ጋሽ_እርሳስ

ውበት መሆኑን አልክድም። እኔ ግን አፍ እንዲገጥም ነው የምመርጠው። ሰው ሲስቅ የላይኛው ከንፈር ወደ ላይ ይሸሻል። ሲሸሽ ያ ንጉሥ ያልነው ቦታ ያጥራል። ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር ይከብዳል።

የጉርድ_ፎቶ_ልጅ

በትንሹ ፈገግ ቢሉስ? ከንፈሩ ሳይሸሽ ፍንጭቱ ብቻ ብልጭ የሚልበት ልክ ይኖራል።

ቀለምና_ወረቀት

ሁለቱንም እሠራና ለጥበቃው እንደገና አሳያለሁ። ቀድሞ ስም ያስጠራው ይሄዳል።

በዚያው ልጠይቅ፦ እነዚሁ መምህራን አሁን የአሥር ሰው የጀልባ ሰልፊ ይዘው መጡ። ሁሉም ካሪካቸር ይሁኑልን ይላሉ። ስልኩን የያዘው ከሁሉም ቀድሞ ካሜራው አጠገብ ነው፣ ሁለቱ ጠርዝ ላይ ጭንቅላታቸው ወደ ጎን ተለጥጧል።

ጋሽ_እርሳስ

እዚያ ላይ ነው የጉርድ ፎቶው ልጅ ሰፊ ሌንስ ያለው እውነት የሚሆነው። ጠርዝ ላይ ያለውን ወደ ውጭ የሚለጥጠው ሌንሱ ነው። መሃል ያሉትና ከኋላ የቆሙት ከሁሉ ይሻላሉ፤ ርቀት አላቸው። ከእነሱ ጀምሪ። ለጠርዞቹና ስልኩን ለያዘው ጉርድ ፎቶ አስመጪ።